ማኑዋሉ 30001 ይላል፣ ፕሮግራሙ 0 ይፈልጋል፦ ስለ ሞድባስ አድሬስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሞድባስ በሚባለው የእቃዎች መነጋገሪያ ፕሮቶኮል ከቆጣሪ፣ ከኢንቨርተር፣ ከፒኤልሲ ምናምን ዳታ ለማንበብ የሚሞክር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ነገሮች ናቸው። ምሳሌዎቹን በተቻለ መጠን በአንድ እቃ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ እሱም ኢስትሮን SDM630 የሚባለው የሶስት ፌዝ ቆጣሪ ነው፣ ምክንያቱም የሬጅስተር ዝርዝሩ እንደ 30001 ያለውንም ቁጥር በመልእክት የሚላከውንም አድሬስ ጎን ለጎን ስለሚያሳይ ለመማሪያ በጣም ይመቻል። የሌላ ካምፓኒ እቃ ያላችሁም አካሄዱ ያው ነው።

ማኑዋሉ ላይ የፌዝ 1 ቮልቴጅ 30001 ላይ ነው ይላል። ፕሮግራሙ አድሬስ ሲጠይቀኝ 30001 ልጻፍ?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ፋንክሽን ኮድ፣ ማለትም እቃውን ምን እንዲያደርግ እንደምትጠይቁት የሚናገረውን ቁጥር፣ 04 ትመርጣላችሁ፣ አድሬስ ላይ 0 ትጽፋላችሁ፣ ብዛት ላይ 2 ትላላችሁ። በቃ።

ለምን እንደሆነ ግን መረዳት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም 30001 የሚለው ቁጥር ውስጥ ሁለት የተለያዩ መረጃዎች ናቸው የተጣበቁት። የመጀመሪያዋ 3 የትኛው ሰንጠረዥ እንደሆነ ነው የምትናገረው፣ የቀረው 0001 ደግሞ በዛ ሰንጠረዥ ውስጥ ስንተኛው እንደሆነ። ሽቦው ላይ በሚሄደው መልእክት ውስጥ ያቺ 3 የለችም፣ ቦታዋን የሚይዘው ፋንክሽን ኮዱ ነው። ስንተኛ የሚለው ቁጥር ደግሞ 1 ተቀንሶለት ነው የሚላከው።

ታዲያ 3 እና 4 ከየት መጡ? ማነው እንደዚህ ያደረገው?

ሞድባስን በ1979 ያወጣው ሞዲኮን የሚባለው የፒኤልሲ አምራች ነው፣ በኋላ የሽናይደር ኤሌክትሪክ ሆኗል። በሞዲኮን ፒኤልሲዎች ውስጥ ሜሞሪው በአራት ተከፍሎ ነበር የሚጠራው፣ ያ አጠራር ከፒኤልሲው ወጥቶ ወደ ሁሉም ሰው ማኑዋል ገባና እስከ ዛሬ አለ።

0 ብሎ የሚጀምረው ኮይል ነው፣ አንድ ቢት ሆኖ የሚነበብም የሚጻፍም፣ ለምሳሌ ሪሌ ማብራት ማጥፋት። 1 ብሎ የሚጀምረው ዲስክሪት ኢንፑት ነው፣ ያውም አንድ ቢት ነው ግን ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። 3 ብሎ የሚጀምረው ኢንፑት ሬጅስተር ሲሆን 16 ቢት ሆኖ ለማንበብ ብቻ ነው። 4 ደግሞ ሆልዲንግ ሬጅስተር ነው፣ 16 ቢት፣ የሚነበብም የሚጻፍም። 2 የሚባል የለም፣ ጠፍቶባችሁ እንዳትፈልጉት።

አምስት ዲጂት ሲሆን ከሰንጠረዥ መለያው በኋላ የሚቀረው አራት ዲጂት ስለሆነ እስከ 9999 ድረስ ብቻ ነው መጥራት የሚቻለው። ሞድባስ ግን በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ 65536 ቦታ ይፈቅዳል፣ ለዛ ነው አንዳንድ ማኑዋል ላይ 300001 ወይም 400001 የሚል ስድስት ዲጂት የምታዩት። 40001 እና 400001 አንድ ቦታ ናቸው፣ ሁለቱም ሆልዲንግ ሬጅስተር፣ ሁለቱም ሲላኩ 0።

የትኛውን ፋንክሽን ኮድ ነው የምጠቀመው?

ለማንበብ አራት ናቸው፦ 01 ለኮይል፣ 02 ለዲስክሪት ኢንፑት፣ 03 ለሆልዲንግ፣ 04 ለኢንፑት ሬጅስተር። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ፣ የሰንጠረዡ ቁጥርና የፋንክሽን ኮዱ ቁጥር አይገጣጠሙም። 4 ብሎ የሚጀምረውን የምታነቡት በ03 ነው፣ 3 ብሎ የሚጀምረውን ደግሞ በ04። ተገለባበጡ። 30001ን አይቶ 03 መላክ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፣ ስትልኩት ቆጣሪው ኢንፑት ሬጅስተር 1ን ሳይሆን ሆልዲንግ ሬጅስተር 1ን እንደጠየቃችሁት ነው የሚረዳው፣ አድሬሱ ሁለቱም ጋ 0 ነዋ። ስለዚህ ቁጥር ሊመጣ ይችላል፣ የሌላ ነገር ቁጥር።

ለመጻፍ 05 አንድ ኮይል፣ 06 አንድ ሬጅስተር፣ 15 ብዙ ኮይል፣ 16 ብዙ ሬጅስተር። ሄክስ የሚያሳይ ሶፍትዌር ላይ 15 እና 16 `0F` እና `10` ሆነው ነው የሚታዩት፣ ሎግ ስታነቡ `10` ስላያችሁ አስር እንዳይመስላችሁ።

አንዳንድ እቃ ላይ 03 ላኩ 04 ላኩ ያው አንድ አይነት መልስ ይመጣል፣ አምራቹ ሁለቱን ሰንጠረዥ አንድ ሜሞሪ ላይ ስላስቀመጣቸው ነው፣ ይሄ በስታንዳርዱ የተፈቀደ ነው። ግን አንድ እቃ ላይ ስለሰራ ሌላውም ላይ ይሰራል ማለት አይደለም።

1 የሚቀነሰው ለምንድን ነው? ስታንዳርዱ ላይ አለ ወይስ የአምራቾች ልማድ ነው?

ስታንዳርዱ ላይ በግልጽ አለ። የሞድባስ ስፔሲፊኬሽን የዳታውን ቦታዎች ከ1 ጀምሮ ይቆጥራቸዋል፣ በመልእክቱ ውስጥ ያለውን አድሬስ ግን ከ0 እስከ 65535 ያደርገዋል፣ እና ሬጅስተር X በመልእክት ውስጥ X ሲቀነስ 1 ተብሎ ይጠራል ይላል። የራሱ የስፔሲፊኬሽኑ ምሳሌም ሬጅስተር 108ን ሲጠይቅ ሽቦው ላይ `00 6B` ነው የሚልከው፣ 6B ሄክስ ማለት 107 ነው።

ስለዚህ ሁለቱም አቆጣጠር ህጋዊ ነው፣ ችግሩ የሚመጣው ማኑዋሉን የጻፈው ሰው የትኛውን እንደተጠቀመ ሳይናገር ሲቀር፣ ሶፍትዌሩን የሰራውም እንደዛው ዝም ሲል ነው።

የቆጣሪያችንን የፌዝ 1 ቮልቴጅ ለማንበብ ሽቦው ላይ የሚሄደው ይሄ ነው፦

```
01 04 00 00 00 02 71 CB
```

መጀመሪያ ያለው 01 የስሌቭ ቁጥር ነው፣ ማለትም የሚጠየቀው እቃ መለያ፣ 04 ፋንክሽን ኮዱ፣ `00 00` አድሬሱ፣ `00 02` ስንት ሬጅስተር እንደምንፈልግ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች ስህተት መቆጣጠሪያ ሲአርሲ ናቸው። 30001 የሚል ነገር የትም የለም። ጥርጣሬ ሲገባችሁ ሶፍትዌሩ ያሳየውን ቁጥር ትታችሁ እነዚህን ባይቶች እዩ። ሶስተኛውና አራተኛው ባይት የተላከው እውነተኛ አድሬስ ናቸው፣ ሶፍትዌሩ ቢቀንስም ባይቀንስም እውነቱ እዛ ነው የሚታየው።

አንብቤያለሁ፣ ቁጥሮቹ ትክክል ይመስላሉ፣ ግን ፌዝ 3 ላይ 3.51 ቮልት ነው የሚያሳየኝ። ፌዙ ጠፍቶ ነው?

ብሬከር መፈተሽ ከመጀመራችሁ በፊት አድሬሱን ቼክ አድርጉ፣ ምክንያቱም ይሄ በአንድ ቁጥር የመሳሳት ችግር ሁለት ስህተት ተደራርቦ ትክክል የሚመስልበት በጣም አሳሳች መልኩ ነው። ቀስ ብለን እንየው።

በዚህ ቆጣሪ ላይ እያንዳንዱ ልኬት 32 ቢት ፍሎት ነው፣ ስለዚህ ሁለት ሬጅስተር ይይዛል። ፌዝ 1 30001፣ ፌዝ 2 30003፣ ፌዝ 3 30005 ላይ ይጀምራሉ፣ የፌዝ 1 ከረንት ደግሞ 30007 ላይ። በመልእክት አድሬስ 0፣ 2፣ 4፣ 6 ማለት ነው። ፌዝ 1 ላይ 221.2፣ ፌዝ 2 ላይ 226.5፣ ፌዝ 3 ላይ 219.75 ቮልት አለ፣ ከረንቱ 3.5 አምፒር ነው እንበል። ሬጅስተሮቹ ውስጥ ያለው እንደዚህ ይሆናል፦

```
0  435D
1  3333
2  4362
3  8000
4  435B
5  C000
6  4060
7  0000
```

`435D 3333` ተጣምሮ 221.2 ነው፣ `4362 8000` 226.5፣ `435B C000` 219.75። እስካሁን ሰላም ነው።

አሁን አንድ ሰው 30001 ስለሚል አድሬስ ላይ 1 ጻፈ፣ ሶፍትዌሩ ግን ከ0 የሚቆጥር ነው። አንዳንድ ቆጣሪ ከፍሎት መሃል ተነስታችሁ እንድታነቡ አይፈቅድም፣ ስህተት ይመልሳል፣ ያኔ ወዲያው ስለምታውቁት እድለኛ ናችሁ። ዝም ብሎ የሚሰጥ ከሆነ ግን ፌዝ 1 ተብሎ የሚመጣው `3333 4362` ነው፣ የተቀደደ ብር ግማሽን ከሌላ ብር ግማሽ ጋር እንደማጣበቅ። ይሄ እንደ ፍሎት ሲነበብ ከዜሮ ብዙም የማይለይ እጅግ ትንሽ ቁጥር ስለሆነ ስክሪኑ ላይ 0.00 ይላል። ፌዝ 2 ደግሞ `8000 435B` ሆኖ -0.00፣ ፌዝ 3 `C000 4060` ሆኖ -2.00 አካባቢ።

ሰውዬው ይሄን ሲያይ ምን ያስባል? የፍሎት ቁጥር የተበላሸ ሲመስል ሁሉም ሰው የሚመክረው አንድ ነገር ነው፣ ወርድ ስዋፕ አድርግ፣ ማለትም የሁለቱን ሬጅስተር ቅደም ተከተል ገልብጥ። ገለበጠ። አሁን ፌዝ 1 `4362 3333` ሆነ፣ ይሄ 226.2 ነው። ፌዝ 2 `435B 8000`፣ 219.5። ሁለቱም ጤነኛ የኔትወርክ ቮልቴጅ ናቸው! ፌዝ 3 ግን `4060 C000` ሆነና 3.51 መጣ። ከዛ ሰውዬው ሁለቱ ፌዝ ስለሰራ አነባበቤ ልክ ነው፣ ሶስተኛው ፌዝ ነው የጠፋው ብሎ ይደመድማል።

ፌዙ አልጠፋም። 3.51 ያለው ከረንቱ ነው፣ የ3.5 አምፒሩ የመጀመሪያ ግማሽ ከፌዝ 3 ቮልቴጅ ሁለተኛ ግማሽ ጋር ተጣብቆ። የፌዝ 1 ንባብም የፌዝ 1 አይደለም። በ128 እና በ256 መካከል ላለ ፍሎት የመጀመሪያው ሬጅስተር ሙሉ ቁጥሩን ነው የሚይዘው፣ ሁለተኛው ከነጥብ በኋላ ያለውን ብቻ። ስለዚህ 226.2 ውስጥ 226 የፌዝ 2 ነው፣ ነጥብ 2ቷ ብቻ ናት የፌዝ 1። ለዚህ ነው አሳማኝ የሚሆነው፣ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ሲል ንባቡም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የሌላ ፌዝ ቢሆንም።

እንዴት ይታወቃል? ቆጣሪው ራሱ ስክሪን አለው፣ እሱ ላይ ያለውን ከንባባችሁ ጋር በየፌዙ አወዳድሩ፣ እዚህ ጋ 221 እና 226 የ5 ቮልት ልዩነት ነው፣ ቶሎ ይታያል። ሶስቱ ፌዝ እኩል ሲሆኑ ግን በቮልቴጅ ብቻ አይለይም፣ ስለዚህ ቮልቴጅ የሚያልቅበትንና ከረንት የሚጀምርበትን ድንበር እዩ፣ ስህተቱ ሁልጊዜ የሚጋለጠው ድንበር ላይ ነው። መፍትሄው ሁለቱንም መመለስ ነው፣ አድሬሱን 0 አድርጉ፣ ስዋፑን አጥፉ። አንዱን ብቻ ካስተካከላችሁ መልሶ ቆሻሻ ቁጥር ይመጣና ትክክለኛውን እርምጃ እንደ ስህተት ታዩታላችሁ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ ቆርጦ ወደ ስህተቱ የሚመለሰው።

ከዚህ የሚወጣው የስራ ቅደም ተከተል ደግሞ ይሄ ነው፣ መጀመሪያ አድሬሱን በጥሬ ሄክስ አረጋግጡ፣ ስለ ወርድ ቅደም ተከተል የምታስቡት ከዛ በኋላ ነው።

በጥሬ ሄክስ እንዴት ነው የማረጋግጠው?

መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁትን ሬጅስተር ምረጡ። ቮልቴጅ ይለዋወጣል፣ ለዚህ ስራ አይሆንም። በጣም ጥሩው የእቃው የራሱ ሴቲንግ ነው። SDM630 ላይ የስሌቭ ቁጥሩ 40021 ላይ በፍሎት ተቀምጧል፣ ስሌቭ 1 ከሆነ ውስጡ ያለው 1.0 ነው፣ 1.0 በፍሎት ደግሞ `3F80 0000` ነው። ሊኑክስ ላይ `mbpoll` ካላችሁ፦

```
mbpoll -m rtu -a 1 -b 9600 -P none -t 4:hex -0 -r 20 -c 2 -1 /dev/ttyUSB0
```

ባውድ ሬትና ፓሪቲው ቆጣሪው ላይ በተሞላው ቀይሩት። `3F80` ቀድሞ፣ `0000` ተከትሎ ከመጣ አድሬሱም የወርድ ቅደም ተከተሉም በአንድ ጊዜ ተረጋገጠ። `0000` ቀድሞ ከ`3F80` ሌላ የሆነ ነገር ከተከተለ ግን በአንድ ወደፊት ሄዳችኋል።

እዚህ ትእዛዝ ውስጥ ያለችው `-0` ከ0 ቁጠር ማለት ናት። `mbpoll` ካልተነገረው ከ1 ነው የሚቆጥረው፣ ስለዚህ `-0 -r 20` እና ያለ `-0` የሆነው `-r 21` ሽቦው ላይ የሚልኩት አንድ ነው።

የኔ ሶፍትዌር ከስንት እንደሚቆጥር እንዴት ልወቅ?

ፕሮግራም የሚጻፍባቸው ላይብረሪዎች ባብዛኛው ከ0 ነው የሚቆጥሩት፣ `pymodbus` ክላየንቱ እና `libmodbus` እንደዛ ናቸው፣ የሰጣችሁትን ቁጥር እንዳለ ነው የሚልኩት። ዊንዶውስ ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሞድባስ ፖል ሁለቱንም ያውቃል፣ ሴቲንጉ ላይ `PLC Addresses (Base 1)` የሚል ምርጫ አለ፣ እሱ ከተመረጠ ራሱ 1 ይቀንስላችኋል። የሲመንስ S7-1200 ላይ ያለው `MB_CLIENT` ደግሞ ሌላ ጫፍ ነው፣ `MB_DATA_ADDR` ላይ 30001 ወይም 40001 ብላችሁ ሙሉውን ነው የምትሰጡት፣ ፋንክሽን ኮዱንም ከዛው ያወጣዋል።

አደጋው ሁለቴ መቀነስ ነው። እናንተ ማኑዋሉን አይታችሁ 1 ቀንሳችሁ ትሞላላችሁ፣ ሶፍትዌሩም ይቀንሳል። ለ30001 ከሆነ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ሶፍትዌሩ አልቀበልም ይላል፣ ቶሎ ታውቁታላችሁ። ለ30071 ግን ምንም አይላችሁም፣ የጎረቤቱን ሰጥቶ ዝም ይላል።

16 ቢት ሬጅስተር ብቻ ባለው እቃ ላይ ይሄን ማየት ቀላል ነው፣ አስር ተከታታይ ሬጅስተር አንብቡና ከማኑዋሉ ዝርዝር ጎን አስቀምጡት፣ ሁሉም ቁጥር በአንድ መስመር ወደላይ ወይም ወደታች የተንሸራተተ ሆኖ ይታያል።

ማኑዋሉ ላይ 3 ወይም 4 የሚል መነሻ የለም፣ 3028 ብቻ ነው የሚለው። ይሄስ?

የሽናይደር PM5000 ተከታታይ ቆጣሪዎች እንደዛ ናቸው፣ የፌዝ 1 ቮልቴጅ 3028 ተብሎ ነው የተጻፈው። እዚህ ጋ መጀመሪያ ላይ ያለችው 3 የሰንጠረዥ መለያ አይደለችም፣ ቁጥሩ ራሱ ሶስት ሺህ ሃያ ስምንት ነው፣ ሆልዲንግ ሬጅስተር ሲሆን በ03 ይነበባል፣ ዝርዝሩ ከ1 ስለሚቆጥር የሚላከው 3027 ነው። አራት ዲጂት መሆኑ ፍንጭ ይሰጣል፣ የሞዲኮን አጠራር አምስት ወይም ስድስት ዲጂት ነው።

ከዚህ የባሰው 40000 የሚለው ነው። ሰንስፔክ የሚባለውን ስታንዳርድ የሚከተሉ የሶላር ኢንቨርተሮች ዳታቸው ከ40000 ይጀምራል ሲሉ በብዛት እውነተኛውን የመልእክት አድሬስ ነው፣ ሄክሱ `9C40` የሆነውን። 4ቷን ቆርጦ ጥሎ 0 ላይ የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም ወይም ሌላ ነገር ያገኛል። ደግነቱ ሰንስፔክ ለዚሁ ምልክት አስቀምጧል፣ ከመነሻው ሁለት ሬጅስተር በ03 ስታነቡ `5375 6E53` መምጣት አለበት፣ በፊደል ሲነበብ `SunS` ነው። መነሻው 40000፣ 0 ወይም 50000 ሊሆን ስለሚችል ሶስቱንም ሞክሩ፣ ምልክቷ የወጣችበት እሱ ነው፣ ከዛ በኋላ መገመት የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ካምፓኒ እንዲህ ያለ ምልክት ቢያስቀምጥ ይሄን ሁሉ ባልተጠያየቅን ነበር።

ሄክስም አለ። SDM630 ላይ ፍሪኩዌንሲ 30071 ነው፣ ጎኑ ያለው ሄክስ አድሬስ `0046` ይላል። 70 ሲሆን በሄክስ 46 ነው። ይሄን 46 አይታችሁ በዴሲማል 46 ብትሞሉ የምታነቡት 30047ን ነው፣ እሱ ደግሞ አማካይ ከረንት ነው። 50 ኸርዝ ስትጠብቁ ጥቂት አምፒር ይመጣል፣ ሎዱ ሲጨምር ፍሪኩዌንሲው የሚጨምር ይመስላል። ዝርዝሩ ውስጥ ከA እስከ F ያለ ፊደል የትም ቦታ ካያችሁ ያ አምድ በሙሉ ሄክስ ነው።

ኤክሴፕሽን 02 ይለኛል። አድሬሱ ተሳስቷል ማለት ነው?

ያ አድሬስ ወይም ከአድሬሱ ጀምሮ የጠየቃችሁት ብዛት እቃው ጋ የለም ማለት ነው። የመጨረሻው ሬጅስተር 100 ሆኖ ከአድሬስ 1 ጀምራችሁ 100 ብትጠይቁ መነሻው አለ ግን መጨረሻው በአንድ ያልፋል፣ መልሱ 02 ነው። ስለዚህ ብዛቱን ወደ 1 ወይም ለፍሎት ወደ 2 አውርዳችሁ ሞክሩ፣ ሲሰራ ችግሩ ብዛቱ ነበር። በመሃል ክፍተት ያላቸው እቃዎችም ክፍተቱን ስትነኩ 02 ይላሉ። በአንድ ጊዜ ከ125 ሬጅስተር በላይ ማንበብ ደግሞ በፕሮቶኮሉ ራሱ አይፈቀድም።

ኤክሴፕሽን 01 ከሆነ ፋንክሽን ኮዱን እቃው አያውቀውም ማለት ነው፣ አድሬስ ቀይራችሁ አትልፉ፣ 03ን በ04 ወይም 04ን በ03 ለውጡ። ሽቦው ላይ ስታዩት ፋንክሽን ኮዱ ላይ `80` ተደምሮ ነው የሚመለሰው፣ ለ04 `84`፣ ለ03 `83`፣ ቀጥሎ ያለው ባይት የስህተቱ ቁጥር ነው።

ምንም መልስ ካልመጣ፣ ታይም አውት ካለ ግን አድሬስ መቀያየሩን ተዉት። የሬጅስተር አድሬስ ቢሳሳት ጤነኛ እቃ ዝም አይልም፣ 02 ብሎ ይመልሳል። ዝምታ ከሆነ የስሌቭ ቁጥሩ፣ ባውድ ሬቱ፣ ፓሪቲው ወይም A እና B ሽቦዎቹ ናቸው።

ስጽፍስ? በአንድ ብሳሳት ምን ይፈጠራል?

ሌላ ሴቲንግ ትቀይራላችሁ። ሞተር ድራይቭ ላይ ፍጥነት የሚሞላበት ሬጅስተር ጎን የማጣደፊያ ሰአት ወይም የከረንት ገደብ ሊኖር ይችላል፣ 16 ቢት ስለሆነ የትኛውም ቁጥር በሌላኛው ውስጥ ይገባል፣ እቃው ደግሞ ከገደብ ካላለፈ አይቃወምም።

በ06 ስትጽፉ የሚመጣው መልስ የላካችሁት መልእክት ራሱ ተመልሶ ነው፣ አድሬሱም ዋጋውም እንዳለ። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ተሳክቷል ማለቱ የሚነግራችሁ የጻፋችሁበት ቦታ መኖሩንና ዋጋውን መቀበሉን እንጂ የፈለጋችሁት ቦታ መሆኑን አይደለም። ለዚህ ነው አድሬሱን በመጻፍ መሞከር የሌለባችሁ። የምትጽፉበትን ሬጅስተር መጀመሪያ በ03 አንብቡት፣ እቃው ስክሪን ላይ ከሚያሳየው ዋጋ ጋር አንድ መሆኑን እዩ፣ ከዛ በእቃው ቁልፍ በእጃችሁ ዋጋውን ትንሽ ቀይሩና እንደገና አንብቡ። ንባቡ አብሮ ከተቀየረ ቦታው እሱ ነው። ፍሎት ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ሬጅስተር በ16 በአንድ መልእክት ጻፉ፣ በ06 ሁለት ጊዜ ከጻፋችሁ በመሃል ላይ የድሮው ግማሽና የአዲሱ ግማሽ ተቀላቅለው የቆሙበት ቅጽበት አለ፣ አንዳንድ እቃም ግማሽ ፍሎት መጻፍን ጭራሽ አይቀበልም።